ኩሽናዋ ስንት ሰዓት ላይ ትሣል?

ሰበታ፣ ጅማ መንገድ ዳር፣ ቤት የሚያድስ አንድ ድርጅት ነበር። ድርጅት ስላችሁ ብዙ እንዳታስቡ፤ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት፣ አንድ መጋዘንና አንድ ጯሂ አለቃ ነው። እኔ ወደዚያ የሄድኩት ከቡራዩ ነው። ቡራዩ የሥጋ ቤትና የጠጅ ቤት ማስታወቂያ እጽፍ ነበር። «በሠዓሊነት ተቀጠርኩ» ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፤ እናቴማ አንድ ደረጃ ጨምራ «ልጄ መሐንዲስ ሆነ» ብላ አረፈች። ለሙከራ ብቻ መሆኑን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ሙከራው አንዲት ሥዕል ነበረች። አዲስ አበባ የአፓርትማ ሕንፃ ያላቸው አንዲት ወይዘሮ ኩሽናዎቻቸውን ማሳደስ ይፈልጋሉ ሲባል፣ አለቃዬ ብሮሹር ላሳትም ብሎ ተነሣ። ሽፋኑ ላይ የእሳቸው ትንሽ ኩሽና ታድሳ ትታያለች። ገና ስላልታደሰች ፎቶ ማንሣት አይቻልም፤ የግድ መሣል አለባት።

«እሜቴ ከወደዱት፣ መስኮቱ ሥር የራስህ ጠረጴዛ ይኖርሃል፤ ካልወደዱት ቡራዩ ሩቅ አይደለም» አለኝ። ቡራዩ ሩቅ አለመሆኑን እኔም አውቃለሁ። የቸገረኝ ተመልሼ ሰፈሩን በምን ዓይኔ እንደማየው ነው።

ኩሽናዋን ልለካ ሄድኩ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢቆምባት አንዱ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ይገባል። ከበሩ ሆኜ ብሥላት ልንገጥምላት ያሰብነው የዋንዛ ካቢኔ ሰው ላይ የሚወድቅ መሰለ፤ ስለዚህ የበሩን ግድግዳ እንደሌለ ቆጥሬ፣ ወደ ኋላ ርቄ እንዳየሁ አድርጌ መስመሮቹን አወጣሁ። ፊት ለፊት መስኮቱ፣ በቀኝ ካቢኔው ተደርድሮ። መስኮቱ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ነው የሚያየው።

«ጠዋት አድርጋት» አለ አለቃዬ።

«ጋሼ፣ ጠዋት እኮ በዚህ መስኮት ፀሐይ አይገባም።»

«ምን አገባህ? ቤት በጠዋት ነው የሚያምረው!»

እሺ ብዬ የጠዋቱን እውነት ሣልኩ። ጠዋት ላይ ካቢኔው ጥላ ውስጥ ስለሚሆን የዋንዛው ቡናማ ቀዝቅዞና ጠቁሮ ወጣ። አለቃዬ አየና አማተበ። «አንተ! ኩሽና ሣል ነው ያልኩህ የሬሳ ሳጥን? ፀሐይዋን አስገባት!»

አስገባኋት፤ ምን ላድርግ? ካቢኔው ማር ሆነ። ጠረጴዛው ላይ እንቁላል ጥብስ፣ ወተትና ዳቦ ከቅቤ ጋር ደረደርኩ። ለራሴም አስጎመጀኝ።

ካቢኔውን በቫርኒሽ የሚያሳምሩት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ኦቦ ብቻ የምንላቸው፣ የቀቡትን ናሙና ጣውላ ይዘው መጥተው ከሥዕሉ ጎን ያዙት። «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? የኔ ቀለም ይሄ ነው?» አሉ። ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፉኝ፤ የአካም ቡልቴ ሰላምታቸውን እንኳ ለግድግዳው ነበር የሚሰጡት። እኔም ከፋኝ፤ ቫርኒሻቸውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ወይስ ጋሼ?

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሥዕሉን ይዘን ወይዘሮዋ ዘንድ ሄድን። መነጽራቸውን አጠለቁ። ሥዕሉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይሄ ስንት ሰዓት ነው?» አሉ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ እሜቴ» አለ አለቃዬ ደረቱን ነፍቶ።

«ወረቀቱ መቼ ነው የሚታደለው?»

«በሚቀጥለው ሳምንት!»

«ታዲያ በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ እኔ ቤት እንቁላል የሚበላው ማነው?»

አለቃዬ ራሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነው፤ በባዶ ሆዱ መጥቶ ነው የሚደነፋው። እንቁላሉን አብረን ስናየው ሰንብተን አንዳችንም ልብ አላልንም። አምሮን ነው መሰለኝ፣ ጾሙን ያስረሳን።

እሳቸው አልጨረሱም። «ደግሞስ ይሄ የኔ መስኮት ነው? ልብስ እየሰቀልን ጠዋት ጠዋት ሳይደርቅ ስንት ዓመት የተሰቃየንበት መስኮት ነው። ይችን ፀሐይ ከየት አመጣችኋት?»

አለቃዬ ጣቱን ቀስሮ፣ ያለ አንዳች እፍረት፣ «እሱ ነው!» አለ።

ደሜ ፈላ። ወይ ሰው! እሱን ለማሳጣት አፌ ላይ የደረሰውን ዋጥኩና፣ «አሥር ሰዓት ላድርገው፣ እሜቴ» አልኩ። «አሥር ሰዓት ላይ ጾሙም ተፈቷል፣ ፀሐይዋም በእርስዎ መስኮት እውነት ትገባለች። ፊትዎ እሠራዋለሁ።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ሰኞ ና» አሉኝ።

ሰኞ ኦቦን ለምኜ፣ ናሙናውን አስይዤ፣ ከሰበታ አውቶቡስ ተሳፈርን። አለቃዬም አብሮን መጣ፤ እንዲጠብቀኝ ነው። ኦቦ ናሙናውን ካቢኔው በሚቆምበት ቦታ ግድግዳው ላይ አስደግፈው ያዙ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ወለሉን ብቻ ነካች። አሥር ሰዓት ሲያልፍ ዝቅ ብላ ገባችና ግድግዳውን እየላሰች ናሙናው ላይ ደረሰች። ያ ጥቁር ያልነው ቡናማ ቀላ፣ ሞቀ፤ ቫርኒሹም ወደ መስኮቱ በኩል ነጭ ብልጭታ አወጣ። ማር አይደለም፣ ሬሳ ሳጥንም አይደለም፤ ልክ ኦቦ የሚሉት ቀለም ነበር።

«አየህ? አየህ?» አሉ ኦቦ፣ ፀሐይዋንም ራሳቸው የቀቡ ይመስል።

ቀለሙን ግን እንዲሁ መገልበጥ አይቻልም። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ይፈዛል። ቁራጭ ወረቀት ላይ እቀባለሁ፣ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ፣ ከናሙናው ጎን እይዛለሁ፤ ሳስቶ አገኘዋለሁ፣ ደግሜ አደምቀዋለሁ። ፀሐይዋ አትጠብቀኝም፣ አለቃዬም አይጠብቀኝም። «አልገጠመም?» ይላል በየደቂቃው። የብልጭታውን ቦታ ነጩን ወረቀት እንዳለ ተውኩት። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሽሮ በእንጀራ አስቀመጥኩ። አለቃዬ እኔን ሲጠብቅ ዘጠኝ ሰዓት አልፎበት ገና ምንም ስላልቀመሰ፣ የሣልኩትን ሽሮ አይቶ ምራቁን ሲውጥ ሁላችንም ሰማን።

ወይዘሮዋ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ደረሱ። ሥዕሉን በአንድ እጃቸው፣ ናሙናውን በሌላው ይዘው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቆሙ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ።

«ይሄ የኔ ኩሽና ነው» አሉ። ከዚያ ወደ አለቃዬ ዞረው፣ «ግን ፋሲካ ሲሆን ይሄን ሽሮ ለማን ልታሳይ ነው?»

አለቃዬ ተንተባተበ። «ያኔ... ያኔ እናስቀይረዋለን፣ እሜቴ።»

«እንዴ፣ ያኔማ የሕንፃው የወዲያኛው ክንፍ አለ። የዚያ መስኮት ወደ ምሥራቅ ነው። እሱ በጠዋት፣ በእንቁላል ይሣላል። ከፋሲካ በኋላ ጾመ ሐዋርያት ይመጣል፣ ፍልሰታ ይመጣል፤ ክረምት ደግሞ ፀሐይ ራሷ የለችም። ይሄን ልጅ የት ልትልከው ነው?»

አለቃዬ እኔን አየኝ፣ ሥዕሉን አየ፣ በጣቱ የቤተ ክርስቲያንን ጾሞች ይቆጥር ጀመር። ሲቆጥር ፊቱ እየጨለመ ሄደ። የአንዲት ሥዕል ሙከራ ብሎ የያዘኝ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ሊያሠራኝ መሆኑ ገባው።

«የትም አልልከውም» አለ በመጨረሻ። «ጠረጴዛውን ነገ ከመጋዘን አስወጥቼ መስኮቱ ሥር አደርግለታለሁ።»

ኦቦ በክርናቸው ጎኔን ጎሸም አደረጉኝ፤ አመስግን ማለታቸው ነው። አፌን ብከፍት እንደማለቅስ ስላወቅሁ ብሩሼን ማጠብ ያዝኩ።