የተዋበች ወፍጮ እና ሁለት በመቶው

ሐምሌ ላይ በስቶክሆልም ዳርቻ ባለችው ፋርስታ ፀሐይ የምትጠልቅ አይመስልም። ተዋበች በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ሐይቁ ወርቅማ ሲሆን ታያለች፤ ዓይኗን ስትከድን ግን የሚታያት በደብረ ሲና ወፍጮ ቤቷ ጣሪያ ሥር ቀስ ብሎ የሚንሳፈፈው ነጭ ዱቄት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የስቶክሆልም አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞረች ስታጥብና ስታጎርስ ያጠራቀመችው ገንዘብ አምና ወፍጮ ሆኗል። ወፍጮውን የሚያሠራው ታናሽ ወንድሟ ካሳዬ ነው።

የመጀመሪያው የግብር ወቅት ሲደርስ ካሳዬ ደወለ። ሰው ማሽላውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ያስፈጫል፣ ከፍሎ ይሄዳል፤ ሁሉን መዝግቦ የሚይዝ የሂሳብ ሠራተኛ አልነበራቸውም። ስለዚህ የግብር ገማቾች መጥተው የቀን ገቢውን አንድ ሺህ ብር ብለውታል፤ በዓመት ሦስት መቶ የሥራ ቀን።

ተዋበች አገልግሎት የሚሰጥ ሰው የሚከፍለው ተርን ኦቨር ታክስ አስር በመቶ እንደሆነ ሰምታ ነበር። ከሦስት መቶ ሺህ ብር ላይ ሠላሳ ሺህ። መብራቱና ደሞዙ ሲታከሉበት ወፍጮው ከዓይኗ እየራቀ ሄደ። እዚያው ስቶክሆልም አጠገብ ሱንድቢበሪ የሚኖረው የአገሯ ልጅ አድነው ወፍጮውን ሽጪልኝ ካላት ሰንብቷል፤ ለመሸጥ ቆረጠች።

«እታለም፣ መጀመሪያ ሄጄ ልጠይቅ» አላት ካሳዬ።

በማግስቱ ከግብር ቢሮው ደወለና ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሠራተኛዋ ሰርክ ትባላለች።

«አስር በመቶው የሌላ አገልግሎት ነው፤ የእህል ወፍጮ ተለይቶ ሁለት በመቶ ነው የሚከፍለው» አለች። «ሦስት መቶ ሺህ በሁለት በመቶ፣ ስድስት ሺህ ብር።»

ተዋበች ጠየቀች፦ «የመብራቱና የደሞዙ ወጪ ተቀንሶ ነው?»

«አይቀነስም፣ እትዬ። ይሄ የሚሰላው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላ ገቢው ላይ ነው። ቢያተርፉም ባያተርፉም ያው ነው። የገቢ ግብሩ ደግሞ ለብቻው ይታያል።»

«ሁለት በመቶ» አለች ተዋበች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«ምን ልበላቸው?» አለ ካሳዬ።

«ክፈል። ደረሰኙን በደንብ አስቀምጥ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የየቀኑን ገቢ በደብተር ጻፍ፤ የከርሞው ግምት ሲመጣ የምንለው እንዲኖረን።»

ካሳዬ ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ወፍጮው ተመልሶ የድንጋዩን ጉርምርምታ አስደመጣት። ለረጅም ጊዜ ሰማችው። ከበረንዳዋ ሥር ልጆች ሐይቁ ዳር ይንጫጫሉ፤ ድምፃቸውና ወፍጮው ተቀላቅለው አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ መሰላት።

ከዚያ ለአድነው ደወለች።

«ወንድሜ ይቅር በለኝ፤ አልሸጠውም።»

አድነው ሳቀ። «እኔም ብሆን አልሸጠውም ነበር» አላት።

የአውሮፕላን ቲኬቷን ለመስከረም ቆረጠች። የገዛችውን ወፍጮ እስካሁን አንድም ቀን በዓይኗ አይታው አታውቅም ነበር።