ወይዘሮ ከእስከ

በሆስፒታሉ «ወይዘሮ ከእስከ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ለቀልድ ነው። ታካሚዎች ቤታቸው የሚበሉትን በስልክ ፎቶ አንስተው ሲልኩላት የሥነ ምግብ ባለሙያዋ «ከዚህ እስከዚህ ካሎሪ» ትላለች እንጂ፣ ቢገድሏት አንድ ቁጥር አትናገርም።

አለቃዋን ዶክተሩን ይህ ነገሯ ያንገበግበው ነበር። አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ ተደግፎ የከፈተችውን ፎቶ አየ። ምሳው የአንድ ጡረተኛ ሹፌር ነው፤ ሆዳቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ ይከሳሉ። በሳህን የተቆለለ ሩዝ፣ አንድ ብልት ዶሮ፣ ትንሽ ስጎ። ከላይ የተነሳ ነው፤ ከሳህኑ ሌላ ምንም አይታይም።

«ከአራት መቶ ሃምሳ እስከ ሰባት መቶ» አለች።

«ስድስት መቶ ብለሽ ጻፊና ገላግይን! ቤተሰቡ አታውቅም ይልሻል።»

«አላውቅማ፣ ዶክተር! ዘይቱ አይታየኝም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን መቶ ሃያ ካሎሪ ነው። የማላየውን አየሁ ብዬ አልፈርምም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ይፈርማል» ብሎ በሩን ወርውሮት ወጣ።

እሷ ግን ፎቶውን አልዘጋችውም። ሰውየው በቀን ሦስቴ ይህን ያህል ከበሉ ለምን ይከሳሉ? ወይ ሕመሙ ነው፣ ወይ ፎቶው። ለሴት ልጃቸው ደወለች።

«እህቴ፣ የራት ፎቶ ስታነሺ አጠገቡ የሾርባ ማንኪያ አስቀምጪልኝ። ከላይም ከጎንም አንሺ። የተረፈውንም ጭምር።»

በማግስቱ ፎቶው መጣ። ማንኪያው ከሳህኑ ስፋት ረዝሞ ይታያል፤ የልጅ ሳህን ነው! የምግቡ ግማሽም ተርፏል።

«በትልቅ ሳህን ሲቀርብላቸው ገና ሳይቀምሱ ይጠግባሉ» አለች ልጅቱ፣ ድምጿ እየሰለለ። «ምነው አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አላጠፋሽም። ያልጠየቅሁሽ እኔ ነኝ።»

በዚያው ሳህን የቀረበውን ምሳ እንደገና ገመተች፤ ሙሉው ቢበላ እንኳ ከሁለት መቶ እስከ ሦስት መቶ ሃምሳ። ወረቀቱን ይዛ ዶክተሩ ቢሮ ገባች። አንብቦ ሳቀ።

«አየሽ? የራስሽም ከእስከ ሳተ!»

«ሳተ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «የሳህኑን ልክ ሳላውቅ ትልቅ ነው ብዬ ተነሳሁ። ስለዚህ ግምቴ ጠቦ ነበር፤ ከእንግዲህ አሰፋዋለሁ፣ ለምን እንደሰፋም እጽፋለሁ። የእርስዎ ስድስት መቶ ቢጻፍ ኖሮ ግን ማን ማንኪያ ይጠይቅ ነበር? ሰውየው ወረቀቱ ላይ ጠግበው አልጋው ላይ ያልቁ ነበር።»

ዶክተሩ ወረቀቱን መለሰላት። ይቅርታ ግን አላላትም።

እሷ በመከረችው መሠረት የሹፌሩ ምግብ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ቶሎ ቶሎ ይቀርብላቸው ጀመር፤ ሩዙ ላይ ዘይት፣ በመሃል ወተት። ክብደታቸው መጀመሪያ መውረዱን አቆመ፤ ኋላም ቀስ እያለ ጨመረ። ዶክተሩ ዛሬም አንድ ቁጥር ይጠይቃታል። እሷም ዛሬም እምቢ ትላለች።