በየርዕሱ ራስጌ የተደረደረው እሳት

በቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ያስተማሩንን የኔታን እየቀረጽን፣ የዜማ ትምህርታቸውን ከጓደኛዬ ጋር ኢንተርኔት ላይ እንጭናለን። ጓደኛዬ የብራና ጸሐፊ ልጅ ነው። አባቱ በየመጽሐፉ ራስጌ ሐረግ የሚባለውን ጌጥ ይስሉ ነበርና፣ እሱም በየርዕሱ መጀመሪያ የመስቀል፣ የእሳትና የአጨብጫቢ እጅ የስልክ ምልክቶች (ኢሞጂ) መደርደር ጀመረ። መጀመሪያ ሳየው ደስ አላለኝም፤ ግን አልከለከልኩትም።

አንድ ቀን የኔታ ስልካቸውን ሰጡኝ። «እስቲ የፍትሐቱን ትምህርት ፈልግልኝ፤ እኔስ አጣሁት» አሉ።

ፈለግሁ። በመጣው ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያው እሳት፣ ያው ጭብጨባ ነው። ጌጡ ቦታውን ስለጨረሰው የትምህርቱ ስም በሦስት ነጥብ ተቆርጦ ቀርቷል። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ፍትሐቱን አገኘሁት። ለሙት በሚደገም ጸሎት ላይ እጅ ይጨበጨባል! አንገፈገፈኝ።

በዚያው ቀን ጌጡን ሁሉ ጠረግሁት። ርዕሱን አሳጥሬ የትምህርቱን ስም አስቀደምኩ፤ ምስል ለሌላቸው፣ በድምፅ ብቻ ለተቀረጹ ትምህርቶች ብቻ፣ ዓይን ቶሎ እንዲለያቸው፣ ከስሙ ቀጥሎ አንዲት የጆሮ ማዳመጫ ምልክት ተውኩ።

ጓደኛዬ ተቆጣ። «የአባቴን ሙያ ናቅህ!» አለኝ።

«አባትህ ለሐረጉ ብለው አንዲት ቃል ቆርጠው ያውቃሉ?» አልኩት።