ሰማንያ ሰከንድ

በእሳት አደጋ ጣቢያችን ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ጋሽ መሰላል ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሳት ውስጥ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው፤ ስሙ የወጣለት ከቁመቱ ነው። የዘንድሮውን የብቃት ፈተና ወደቀ። ሃያ ኪሎ ቱቦ ተሸክሞ አምስት ፎቅ በሰማንያ ሰከንድ መውጣት ነበረበት፤ ዘጠና ስምንት ፈጀበት። አለቃችን አራት ወር ተኩል ሰጠውና፣ ደግሞ ከወደቀ እኔ አጠገብ ስልክ እንደሚያነሳ ነገረው። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ቅር አለኝ፣ ስልክ ማንሳት ምን አለበት?

መጀመሪያ መስታወት ፊት ቆሞ ክብደት ማንሳት ያዘ። ክንዱ ሲወፍር እጅጌውን ሰብስቦ ያሳየኛል። እኔ ድሮ ሯጭ ነበርኩና መስታወት እንዴት እንደሚያታልል አውቃለሁ። በየአራት ሳምንቱ እንፈትሽ ብዬ ወጥሬ ያዝኩት። ያው ደረጃ፣ ያው ቱቦ፣ ሁሌም ጠዋት፣ ከአንድ ቀን እረፍት በኋላ። ሰዓቱን በየፎቁ እይዛለሁ፤ ላይ ደርሶ አንድ ደቂቃ ካረፈ በኋላ የልብ ምቱን ቆጥሬ እጽፋለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ሰማንያ ዘጠኝ ገባ። በስምንተኛውም ሰማንያ ዘጠኝ። የልብ ምቱ እንዲያውም ጨምሮ ነበር።

ሰውዬው ተሸበረ። ለካ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሮጥ ተስማምተን ሳለ፣ እኔ ሳላውቅ በየቀኑ ይሮጥ፣ በየቀኑ ራሱን ይፈትን ኖሯል፤ እንቅልፉም ከድቶታል።

"አርጅቻለሁ፣ እህቴ። በቃ፣ ወንበር አዘጋጂልኝ።"

በወንበሩ ፋንታ ደብተሬን አምጥቼ ቁጥሮቹን አብረን አየናቸው። እስከ ሦስተኛው ፎቅ ደህና ነው፣ እግሩ የሚከዳው በመጨረሻዎቹ ሁለት ፎቆች ላይ ነው። አንድ ሳምንት ቀለል ያለ ነገር ብቻ እንዲሠራና እንዲተኛ አደረግኩት። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለወጥን። የክንዱን ክብደት ትቶ በሳምንት ሁለት ቀን ሸክም ይዞ ደረጃ መውጣት ጀመረ፤ በአሥር ኪሎ ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምራል። ሩጫው ግን እንደ ድሮው በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ። ሁሉንም ባንዴ ብንነካካ የቱ እንደሠራ በምን እናውቃለን?

ሰማንያ አራት። ከአራት ሳምንት በኋላ ሰማንያ አንድ።

አንዲት ሰከንድ ቀረችው። ነገ እንድገመው አለኝ፣ ከነገ ወዲያም። ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ተኮራረፍን። የመጨረሻውን ሳምንት ልምምዱን በግማሽ ቀንሶ እያጉረመረመ አረፈ።

በፈተናው ቀን አለቃው ራሱ ሰዓት ያዘ። ሰባ ሰባት። ጋሽ መሰላል ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔም አብሬው።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። የመኖሪያ ሕንፃ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ውስጥ ሰው አለ። አድራሻውን ሳነብ መጀመሪያ መኪናው ላይ የዘለለው እሱ ነበር። ሬዲዮውን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ቀረሁ፤ ለካ ስታገልለት የከረምኩት ወደዚያ እንድልከው ነው።

"ደረጃውን ጀምሬያለሁ" አለ ድምፁ።

ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ።