ድልድዩ ይቅደም ወይስ ሽባባው?

መምህር ቢሻው ዳንግላ ላይ ፊደል እያስቆጠረ የከተማዋን ዜና በስልክ ወደ አዲስ አበባ ሬዲዮ መላክ ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። እንደሱ ያለ ቀጥ ያለ ሰው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሕዝቡ «መምህር ዝናቡ» ይለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1956 ክረምት መብረቅ ሦስት ሰው ገደለ። ቢሻው መርዶ በድንገት አይነገርም፣ ሰው ቀስ ተብሎ ይረዳል ሲባል እየሰማ ያደገ ነውና ዜናውን ከደመናው ጀመረ። ነጎድጓዱን አስከተለ፣ ዝናቡን አወረደ። ሙታኑ ዘንድ ሳይደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ማታ ሬዲዮኑ «በዳንግላ ጥሩ ዝናብ ዘነበ» ብሎ አረፈው። ቢሻው በማግስቱ ለቅሶ ቤት ገብቶ የተቀመጠባት ሰዓት እስኪሞት የምትረሳው አይደለችም።

በዓመቱ፣ በነሐሴ፣ ከቆሰበር ከተማ ወዲህ ያለውን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው። የዘንገናው ገበሬ ሽባባውና ሚስቱ ደብሪቱ ከዳንግላ ገበያ ሲመለሱ ነበር። ሽባባው የድልድዩ ወገብ ሲሰምጥ አየ፤ ከኋላው ደግሞ አውቶቡስ ሲመጣ ሰማ። ጋቢውን አውልቆ መንገዱ መሐል እያውለበለበ አስቆመው። ሰላሳ አራት ሰው ተረፈ። እሱ ግን ቀድማ ድልድዩ ላይ የወጣች አህያውን ሊመልስ ሲሮጥ ድልድዩ ይዞት ወረደ።

አውቶቡሱ ደብሪቱን ይዞ ወደ ዳንግላ ተመለሰ። ቢሻው ከሾፌሩም ከተሳፋሪውም ጠይቆ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጦ ሲጨርስ ደብሪቱ እጁን ያዘችው።

«መምህር፣ ሬሳውን እንኳ ውሃ ወሰደብኝ። ስሙን አገር ይስማልኝ።»

«አስጠራዋለሁ፣ እህቴ» አለ። ማለቱን ወዲያው ፈራው።

ስልክ ቤት ደርሶ ሁለት የዜና መግቢያ ጻፈ። አንዱ «ሽባባው ጋቢውን አውልቆ መንገድ ላይ ቆመ» ብሎ ይጀምርና ድልድዩን አራተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ያደርሳል። ውብ ነበር፤ ራሱ ሲያነበው ዓይኑ ሞላ። ሁለተኛው ደረቅ ነው፤ ምን ሆነ፣ የት፣ መቼ፣ ስንት ሰው ብሎ ሁሉን ባንድ ትንፋሽ ይናገራል። የማይታወቅ ሰው ስም እዚያ ቦታ የለውም፤ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

«ጋሽ ቢሻው፣ መስመሩ ዛሬ እየሄደ እየመጣ ነው» አለች ስልከኛዋ ይታይሽ። «የቆሰበሩማ ከሰኔ ጀምሮ ድምፅ የለውም።»

ቢሻው የደነገጠው ይሄኔ ነው። ቆሰበር ያደሩ የጭነት መኪኖች በጭለማና በጉም ይነሣሉ። ሾፌሮቹ የሚያድሩበት ሆቴል ያለው ሬዲዮን ብቻ ነው። የሰላሳ አራቱ እናቶችም አሉ። ሽባባውን ካስቀደመ፣ መስመሩም መሐል ላይ ከተቆረጠ፣ አገሩ የሚሰማው አንድ ሰው ጋቢውን ማውለቁን ነው። ድልድዩን ካስቀደመ ደግሞ ቃሉን ይበላል።

አዲስ አበባ ተገኘ። ዜና ተቀባዩ አቶ አዝመራው «ቀጥል» አሉ። ቢሻው ውቡን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ደረቁን አነበበ።

«ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በዳንግላና በቆሰበር መካከል ያለውን ድልድይ ጎርፍ ሰብሮት መንገዱ ተዘግቷል፤ አውቶቡሱን ያስቆመ አንድ ገበሬ ሲሞት ሰላሳ አራቱም ተሳፋሪዎች በሕይወት ተርፈዋል። ገበሬው...»

ጭጭ። ይታይሽ መዘውሩን አዞረች፣ ደጋግማ አዞረች። የለም።

ማታ ሬዲዮኑ ያችኑ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበበ። «አንድ ገበሬ» አለ። ደብሪቱ ሰማች፤ ፊቷን አዞረችበት። ቢሻው ምክንያት አልደረደረም። «ቃሌን በልቻለሁ» ብቻ አላት። እኔ ይህን ሰው የምወደው በዚህ ነው፤ ትክክል ሠርቶም ማፈር ያውቃል።

ውቡን ወረቀት ግን አልጣለውም። መንገዱ መዘጋቱን አገር ሁሉ ካወቀ በኋላ ለጋዜጣ በፖስታ ላከው፤ አሁን ማንም የሚጣደፍበት ነገር የለም፣ ታሪኩ ቀስ ብሎ ቢደርስ አይጎዳም። ጋዜጣው ለሽባባው ተዝካር፣ ለአርባው ዋዜማ ደረሰ። ቢሻው ይዞት ዘንገና ሄደ።

በተዝካሩ ድንኳን ውስጥ ማንም የማያውቀው ሰው ግማሽ ኩንታል ጤፍ አስወርዶ ቆሟል። አስማረ ይባላል፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

«ያን ለት ቆሰበር ነበር ያደርሁት» አለ ለደብሪቱ አጎንብሶ። «ሬዲዮኑን ባልሰማ ሌሊቱን ገደሉ ውስጥ ነበርሁ። አንድ ገበሬ ብሎ ዝም አለ። ሳጠያይቅ ነው እዚህ የደረስሁ። ስሙን ንገሩኝ፣ ልጆቼ እንዲያውቁት።»

ደብሪቱ ከአርባ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቢሻው ዞረች።

«ያንብቡለት፣ መምህር።»

ቢሻው ጋዜጣውን ዘረጋ። የመጀመሪያው ቃል ሽባባው ነበር።