ገዳም የተገኘችው ገጽ

መሐል ሜዳ ከተማ ባለው የቅርስ መሥሪያ ቤታችን ፈረንሳይኛ የተማርኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከፈረንሳይ የሚመጣ መልእክት ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ፈረንሳዮች ጠረጴዛንም «እሷ» ይሉታል። ስተረጉም ይህን እተወዋለሁ፤ እስካሁን ጠረጴዛው አልተቀየመም።

ያን ሰሞን የመጣው መልእክት ግን ስለ ሰው ነበር። በአካባቢያችን ያለ አንድ ገዳም ጣሪያው አፍስሶ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ረጥቦበታል። «ለጥገናው የተመደበው ሰው» ሊመጣ ነው። «ሰው» ያሉበት ቃል በፈረንሳይኛ ምንጊዜም አንስታይ ነው፤ ባለቤቱ ጢማም ቢሆንም ተከትሎ የሚመጣው «እሷ» ነው። ስለዚህ «እሳቸው ይመጣሉ» ብዬ ተረጎምኩ። «እሳቸው» ወንዱንም ሴቷንም ይችላል።

ኃላፊያችን መልእክቱን እንዲተረጉምላቸው ለስልካቸው ሰጡት።

«'እሷ ትመጣለች' ይላል። አንቺ ልጅ፣ ሴት መሆኗን ለምን ደበቅሽ?»

«ገና አልታወቀም ጋሼ። ብንጠይቅስ?»

«የተከበረ እንግዳ ወንድ ነህ ሴት ተብሎ ይጠየቃል? ነውር ነው!»

ወዲያው ለአበምኔቱ ደወሉ። ገዳሙ ሴት አያስገባም፤ መጽሐፉም ከቅጥር አይወጣም።

«ሴት ከሆኑማ ከበር ይመለሳሉ» አሉ አበምኔቱ። «መጽሐፉንም እግዚአብሔር ያውቅለታል።»

መጽሐፉ በአንድ «እሷ» ምክንያት ሊበሰብስ ነው። ነውሩን ለብቻዬ ተሸክሜ እንግዳውን ጽፌ ጠየቅኩ። «ወንድ ነኝ» የሚል መልስ መጣ።

እንግዳው በቀጠሮው ደረሰ፤ ጢሙ ደረቱን ይነካል። ከኃላፊያችን ጋር ገባ። እኔ ሴትነቴ ስለማያጠራጥር በሩ ላይ ቀረሁ። በአስተርጓሚነት ስልኩ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ሁካታ ተሰማ። ስልኩ የእንግዳውን ንግግር ሲተረጉም በሴት ድምፅ፣ «እሷ ታማለች፤ አታንቀሳቅሷት፤ እዚሁ ትቆይ» ብሎ ኖሯል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ መቋሚያቸውን ይዘው ከዕቃ ቤቱ ኋላ ሴቲቱን ይፈልጋሉ። እንግዳውን ሊያስወጡት ምንም አልቀራቸውም።

አበምኔቱ በሩ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ማን ናት የገባችው?»

«ማንም አልገባም አባቴ። የረጠበችውን ገጽ ማለቱ ነው። ፈረንሳዮች ገጽን እሷ ይላሉ።»

አበምኔቱ ወደ ዕቃ ቤቱ ዞረው አዩ።

«እንግዲህ ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ አብራን ኖራለች» አሉ። «ዛሬ ታማ አናስወጣትም። እንግዳውንም ወደዚህ ጥሩት፤ አንቺ ተርጉሚ፤ ያ ዕቃ ይዘጋ።»

ኃላፊያችን ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። እንግዳው ከበሩ ውስጥ፣ እኔ ከውጭ ቆመን ሥራው ተጀመረ።

«ገጹን ከፀሐይና ከእሳት አርቁት ይላል» አልኩ ለመነኮሳቱ። «ቀስ ብሎ ይድረቅ።»

«ትድረቅ» አሉ አበምኔቱ።