ያላበው ዓሣ

ሲቲ ያደገችው ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ነው። አዲስ አበባ ገብታ መሐሙድን ካገባች በኋላ አብነት ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይታ መጥበሻ ስትጥድ፣ የጀመረችው ከልጅነቷ የምታውቀውን ሥራ ነው። ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች፣ መረቅ ያለው የዓሣ ጉላሽም ትሠራለች። ዓሣ ደግሞ የክርስቲያን ነው የእስላም ነው አይባልምና፣ የጋራዡም ሠራተኛ የሱቁም ባለቤት አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይበላል። ከዘይቱ ወጥቶ ወዲያው ሲቀርብ ኩርሽም ይላል። ሲቲም ያንን ድምፅ ስትሰማ ሥራዋ ሰመረ ማለት ነው።

ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ያሉ ቢሮዎች በስልክ ማዘዝ ሲጀምሩ፣ መሐሙድ ሞተር ብስክሌቱን ምግብ ለማድረስ አዋለው። መጀመሪያ ላይ ማሸጉን ሲቲ ለማንም አትሰጥም ነበር። ዓሣውን ከዘይቱ እንዳወጣች ክዳን ባለው ነጭ፣ ቀላል የፎም ሳህን ውስጥ ትደራርበዋለች፤ ጎኑ ላይ ትኩሱን ጉላሽ ትጨልፋለች፤ ሰላጣና የተቆረጠ ሎሚ ጣል ታደርግበታለች። ክዳኑን ገጥማ በፎይል ከጠቀለለችው በኋላ በፌስታል አንቃ ታስረዋለች። ሙቀት ጭላንጭል ካገኘ ያመልጣል ባይ ናት። የእህቷን ልጅ ኢክላስን ወደ ሥራው ስታስገባትም መጀመሪያ ያስተማረቻት ቋጠሮ ማጥበቅ ነበር።

ውሎ አድሮ የስልኩ ትዕዛዝ ሳሳ። ቤቱ የሚመጣው ሰው ግን እንዲያውም ጨምሮ ስለነበር ሲቲ እጇን አልጠረጠረችም። ምናልባት ቢሮዎቹ አካባቢ ሌላ ዓሣ ቤት ተከፍቶ ይሆናል ብላ ተወችው።

አንድ ቀን መጥበሻውን ለኢክላስ ትታ ለቤት ውርስ ጉዳይ ልደታ ወደሚገኘው ጠበቃዋ ቢሮ ሄደች። ጠበቃው ችሎት ላይ ስለነበር ጸሐፊዋ፣ እትዬ ወርቅዬ፣ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከጎረቤት ቢሮ አንዲት ልጅ በሩ ላይ የተቀበለችውን ፌስታል ይዛ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሲቲ ቋጠሮውን ስታይ ደነገጠች። ለኢክላስ ያስተማረችው የራሷ ቋጠሮ ነበር።

እንግዳ ፊት ለብቻ አይበላምና «እንብላ» አሏት። ዓሣው የእኔ ነው ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሲያመሰግኑት ልስማ ብላ ዋጥ አደረገችው። ፌስታሉ ተፈታ፤ ፎይሉ ተገለጠ። ክዳኑ ሲነሳ ከውስጡ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ጉላሹ ከቦታው ፈልሶ ከዓሣው ሥር ገብቷል፤ ሰላጣው ጠውልጎ ጠቁሯል። ሲቲ እጇን ልትሰድ ስትል እትዬ ወርቅዬ በደግነት ያዝ አደረገቻት።

«እንደሱ አይደለም እህቴ። ላዩን ገፈሽ ጣይው፣ ሥጋውን ብቻ ብዪ። ሥጋው መልካም ነው፤ ላዩ ግን የረጠበ ጨርቅ ነው።»

ይህን ብላ በጣቷ የዱቄት ልባሱን ላጥ አደረገችው። ሳይሰበር እንደ እርጥብ ወረቀት ተነሣ። ልጅቷም እንዲሁ አደረገች። ሁለቱም የለመዱት ነገር እንደሆነ ከእጃቸው ያስታውቅ ነበር። ሲቲ አንድ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተተች። የቤቷ ዓሣ ነው፤ ዘይቱም ዱቄቱም የእሷ ነው፤ ጣዕሙ ግን የማታውቀው ሰው የሠራው ይመስላል።

እትዬ ወርቅዬ ግን አልጨረሰችም ነበር። «ለሚያመጣው ሰውዬ እኮ ብዙ ጊዜ ነግረነዋል» አለች። «ደግ ሰው ነው፣ ሁሌ ይቅርታ ይጠይቃል።»

ጠበቃው መጥቶ ሲያናግራት ሲቲ ምን እንዳለ አልሰማችውም። የሚፈረመውን ፈርማ ወጣች፤ ታክሲ ተራውን አልፋ፣ በፀሐይ፣ እስከ አብነት በእግሯ ሄደች። መሐሙድ ያውቃል። ከዚያ በላይ የሚያስደነግጣት ነገር አልነበረም።

ቤት ስትደርስ ደጅ ላይ ሞተሩን ሲወለውል አገኘችው። አልጮኸችም። ልደታ የበላችውን ነገረችው። መሐሙድ ጨርቁን አስቀመጠ፤ ቀና ብሎም አላያትም።

«ስትጠብሺ ፊትሽ ሲበራ አያለሁ» አላት። «ያንን ላጠፋ አልወደድኩም።»

«እኔን አላዳንከኝም፤ ሰው እንዲተወኝ አደረግክ እንጂ» አለችው። ከዚያ ሲቲ ወደ መጥበሻው ተመለሰች። ዓሣ ጠበሰች፤ እንደ ልማዷ አሽጋ ሰጠችውና ልደታ ማርያምን ዞሮ እንዲመለስ ነገረችው። ሲመጣ ሁለቱም ቆመው ፈቱት።

ያው ውሃ ጠብ አለ። ሲቲ ክዳኑን ገልብጣ በጣቷ ዳሰሰችው። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ሲታሰር እንደሚያልበው ማን አጣው? እሷም ዳቦዋን ሳይበርድ አታስርም። ዓሣው ግን እንፋሎቱን መትፋት ሲገባው እሷ አፉን አፍና ይዛዋለች፤ እንፋሎቱ ክዳኑን መትቶ ውሃ ሆኖ ተመልሶበታል። ያን ያህል የምታውቀውን ነገር ዓሣዋ ላይ ሳታየው መኖሯ ራሱ አስደነገጣት። ዓሣውን ስታነሳ ደግሞ የባሰ አየች። ከዘይት የወጣው ቁራጭ ያረፈበት የፎሙ ወለል በሙቀቱ ለስልሶ፣ ሟሙቶ ጎድጉዷል።

«ይህንን ነው ለሰው ሳበላ የኖርኩት» አለች። የቀረውን ፎም በሙሉ ሰብስባ አስወገደችው።

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ካርቶን የሚሠራ ሰላሁን የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ ወደ እሱ ሄደች። ቀለምና ጽሑፍ የሌለበት፣ ለምግብ የሚሆን ንጹሕ ካርቶን እንዲሠራላትና ጎኑን እንዲበሳላት ጠየቀችው። የመጀመሪያው ሙከራ አልሆነም። ቀዳዳው በዝቶ፣ ዓሣውም ይናፈስ ተብሎ ብዙ ቆይቶ፣ ልደታ ሲደርስ ኩርሽም ቢልም በርዶ ነበር። መሐሙድ ቀምሶ እውነቱን ነገራት፤ መናገሩ ለእሱም ቀላል አልነበረም።

ቀስ በቀስ አገኙት። ዓሣው ከዘይት ሲወጣ ሽቦ ወንፊት ላይ፣ ሳይደራረብ፣ ዘይቱ እስኪንጠባጠብና የመጀመሪያው እንፋሎት እስኪወጣ ብቻ ያርፋል። ከዚያ ዘይት የሚመጥ ወረቀት በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ በአንድ ረድፍ ይደረደራል። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ሆነው ወደ ክዳኑ ጠጋ አሉ፤ እንፋሎት ወደ ላይ ነውና የሚሄደው። ጉላሹ ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው፤ ሙቀት በሚችል ጠንካራ ፕላስቲክ ውስጥ አፉ ጋ ለመድረስ ጥቂት እስኪቀረው ተሞልቶ ይከደናል። ሰላጣና ሎሚ ለብቻቸው ይሄዳሉ። ሙቀት በሚይዘው ቦርሳ ውስጥ ጉላሹ ከታች፣ ዓሣው ከላይ፣ ቀዳዳው ሳይታፈን ይቀመጣል። ኢክላስ ደግሞ ቦርሳው ራሱ እንዳያልብ ሥራ ሲያልቅ ከፍታ ታደርቀዋለች።

እትዬ ወርቅዬ ዘንድ ሲቲ ራሷ ይዛ ሄደች፤ ዓሣ ጠባሿ እሷ እንደሆነች ነገረቻት። ሴትየዋ በተራዋ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች፤ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረች። ሲቲ ግን ሳትነግሪኝ ብትቀሪ ነበር ክፋቱ ብላ አረጋጋቻት።

ቢሮዎቹ ሁሉ አልተመለሱም። አንዳንዱ አንዴ ቀምሶ ከጠላው ዳግመኛ አይደውልም። የተመለሱት ግን በቅተዋል። ሲቲ አሁንም አልፎ አልፎ መጥበሻውን ለኢክላስ ትተውና ከመሐሙድ ኋላ ሞተሩ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ትርፍ ካርቶን ይዘው ይሄዳሉ፤ ትዕዛዙን ካደረሱ በኋላ መንገድ ዳር ቆመው ይከፍቱታል። መጀመሪያ የሚቀምሰው መሐሙድ ነው። እሱ እያኘከ እሷ ፊቱን ታያለች፤ እስኪናገርም ልቧ ይመታል።